ሐሙስ የነርስ ኢንተርቪው አለብኝ፤ እስቲ እርዱኝ

ሜሮን፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ቀዶ ሕክምና ክፍል አመልክቼ ለሐሙስ ተጠርቻለሁ። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ወድቄያለሁ። «ድንገተኛ ነገር ገጥሞሽ ያውቃል?» ሲሉኝ «ተረባርበን አተረፍናት» አልኩ። ጠያቂዋ «አንቺስ ምን አደረግሽ?» ስትለኝ ድርቅ አልኩ። ስለ አስቸጋሪ ታካሚና ከባልደረባ ጋር ስላለመስማማትም ጠይቀውኛል።

ዳዊት፦ እህቴ፣ ለድንገተኛው «ወዲያው ሐኪም እጠራለሁ» በይ። ለባልደረባው «ከማንም ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» ካልሽ ጥሩ ጠባይሽን ያዩልሻል።

ሲስተር አልማዝ፦ ዳዊት፣ መጥራቱ ልክ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እኔ ከጠያቂዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። «ተጋጭቼ አላውቅም» የሚል ሰው ስህተት ሲያይ ዝም ይላል ብለን እንሰጋለን።

ሜሮንዬ፣ እኛ ሐበሾች «እኔ» ማለት ይከብደናል። እዚያ ግን «እኔ» በይ። የራሴን ልንገርሽ። ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሰውዬ ሞርፊን በፓምፕ ይወስዱ ነበር። ስጠራቸው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው መልሰው ይከድናሉ። ትንፋሻቸው በደቂቃ 7፣ ኦክስጅናቸው 84 ነበር። ጥያቸው አልወጣሁም። የጥሪ ቁልፉን ተጭኜ የድንገተኛ ቡድኑ እንዲመጣ «ራፒድ ሪስፖንስ ጥሩልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ፓምፑን አቆምኩ፣ ኦክስጅን አደረግኩላቸው፣ ትከሻቸውን እየነቀነቅኩ «ይተንፍሱ» አልኳቸው። ትዕዛዙ ቀድሞ ተጽፎ ስለነበር የሞርፊኑን ኃይል የሚያከሽፈውን ናሎክሶን ሰጠሁ። ነቁ። ናሎክሶን ግን ከሞርፊኑ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል፤ ሰውዬው ተመልሰው ሊያንቀላፉ ይችላሉ። ስለዚህ ከነቁም በኋላ ትንፋሻቸውን ደጋግሜ ቆጠርኩ። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳል፤ እኛ ደግሞ የምንጠብቀው እሷን ነው።

ለባልደረባው ጥያቄም እውነተኛ ነገር ንገሪያቸው። አንዷ ባልደረባዬ ኢንሱሊን ቀድታ «ልኩን አይቻለሁ ብለሽ ፈርሚልኝ» አለችኝ። «መርፌውንና ብልቃጡን ሳላይ አልፈርምም» አልኳት። ቅር አላት። በኋላ ለብቻችን ሆነን ለምን እንዳልኩ ነገርኳት። ከዚያ አብረን መሥራት ቀጠልን።

ብርቱካን፦ እኔን የገጠመኝ ሌላ ነው። አንድ አዛውንት «አነጋገርሽ አይገባኝም፣ ሌላ ነርስ አምጡልኝ» አሉኝ። ይሄ ለአስቸጋሪ ታካሚ ይሆናል?

ሲስተር አልማዝ፦ ይሆናል፣ ከዚያ ምን እንዳደረግሽ ካልሽ።

ብርቱካን፦ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። ለካ የመስሚያቸው ባትሪ አልቆ ነው። ቀየርኩላቸው።

ዳዊት፦ እኔ ብሆን ይሄን አልናገርም። ስለ አክሰንትሽ ራስሽ ማንሳት ጥሩ አይመስለኝም።

ሲስተር አልማዝ፦ እኔ ግን ደስ ብሎኝ እሰማዋለሁ። ባትሪውን ማየት የነርስ ዓይን ነው። ሌላ ጠያቂ ምን እንደሚል አላውቅም።

ሜሮን፦ አገር ቤት ከወለደች በኋላ ደም የፈሰሳት እናት ነበረችኝ። ማሕፀኗን በእጄ ያሸሁት እኔ ነኝ። የአገር ቤት ሥራ ይቆጠርልኛል?

ሲስተር አልማዝ፦ እንዴታ! ግን ደሙን እንዴት ገመትሽው? ኦክሲቶሲኑን ማን ሰጠ? ማንን ጠራሽ፣ ምን ብለሽ? ዛሬ ማታ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ነገ በስልክ እንለማመደዋለን።