አንዱ ዓምድ ሌሎቹን ሲውጣቸው፦ ዘንጉን ልቁረጥ ወይስ ሁለት ግራፍ ላድርግ?

የአምስት የውሃ ኃይል ማመንጫዎችን አቅም በማትፕሎትሊብ በባር ቻርት እያወጣሁ ነው። ሕዳሴ 5150 ሜጋዋት ነው፤ ጊቤ 3 1870፣ ጣና በለስ 460፣ ተከዜ 300፣ ጊቤ 1 ደግሞ 184። ቁመቱ 10 ሴንቲሜትር በሆነ ግራፍ ላይ የጊቤ 1 ዓምድ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ሎግ ሚዛን ሞክሬ ተውኩት፤ ዜሮ ስለሌለው የዓምዱ ርዝመት ትርጉም ያጣል። ቀጥዬ ዘንጉን ቆረጥኩት፦ ታችኛው ክፍል ከ0 እስከ 2000፣ ላይኛው ከ4900 እስከ 5300፣ `height_ratios=[1, 3]`። ለዓይን ያምራል፤ ግን ሕዳሴ የጊቤ 3 1.3 እጥፍ ብቻ መሰለ፣ እውነቱ 2.75 ነው። የመቁረጫ ምልክቷን ደግሞ ማንም ልብ አይላትም።

አሁን ያዘነበልኩት ወደ ሁለት ግራፍ ነው፦ በግራ አምስቱም በሙሉ ሚዛን፣ በቀኝ ሦስቱ ትንንሾች ብቻ ከ0 እስከ 500። የሚታተመው በጥቁርና ነጭ ነው። አንባቢው በቀኝ ያለውን በለስ በግራ ካለው ሕዳሴ ጋር በቁመት እንዳያወዳድር ምን ባደርግ ይሻላል?