600 ብር ከፍዬ ቁጥሩ መጣ፤ ቆጣሪው ግን አልሞላ አለ

የማርቆስ ተከራይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ በስልክ የ600 ብር መብራት ገዛሁ። ብሩ ተቆርጧል፣ ባለ 20 አሃዙ ቁጥርም በመልእክት መጥቷል። ቆጣሪው ላይ ሳስገባው ግን Reject ይላል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። የገዛሁትን እንዴት ላግኘው? ደብረ ማርቆስ ነኝ። ቆጣሪው ባለፈው ወር ተቃጥሎ በአዲስ ተተክቷል።

የቢቸና ሱቅ፦
ወንድሜ፣ ማታ ገዝተህ ጠዋት ካስገባኸው ጊዜው አልፎበታል። ቁጥሩ ሲመጣ ወዲያው ነው የሚሞላው። ሌላ ግዛ።

ኤሌክትሪሻን ሞጣ፦
ሌላ እንዳትገዛ። ቁጥሩ በአንድ ሌሊት አይበላሽም። ውስጡ የወጣበት ደቂቃ ተመዝግቧል፤ ቆጣሪው ደግሞ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን 50 ግዢዎች ያስታውሳል። አሮጌ ነው ብሎ የሚመልሰው ከእነዚያ ሁሉ የቀደመ ሲሆን ነው፤ ያኔም ብዙ ጊዜ Old ብሎ ይጽፋል። Used ካለ ገብቷል ማለት ነው። መብራት ሲቆራረጥ ሰው ሳያስተውለው ሞልቶ ደግሞ ሲያስገባ ይህን ያያል፤ ቀሪውን አይቶ ማረጋገጥ ነው። ዝም ብሎ Reject ካለ ግን ወይ አንድ አሃዝ ተሳስቷል ወይ ቁጥሩ የዚያ ቆጣሪ አይደለም።

ያንተን ነገር የምጠረጥረው በሁለተኛው ነው። መልእክቱ ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አስተያየውና ንገረን። እስከዚያ መሞከሩን ተው፤ አንዳንዱ ቆጣሪ ደጋግሞ ሲሳሳቱበት ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል።

ቡሬ ጫፍ፦
የእኔም ይኸው ነው! ብሩ ተቆርጦ መልእክቱ ግን እስካሁን አልመጣም። አሁን ሁለተኛ ልክፈል?

ኤሌክትሪሻን ሞጣ፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። ድጋሚ አይክፈሉ። የክፍያውን መለያ ቁጥርና የቆጣሪዎን ቁጥር ይዘው ይጠይቁ። ቁጥሩ ወጥቶ መልእክቱ ብቻ ከቀረ ያንኑ 20 አሃዝ መልሰው ይሰጡዎታል። ጭራሽ ካልወጣ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ክፍያ ነውና ብሩን ማስመለስ ያለብዎት ከከፈሉበት በኩል ነው።

የማርቆስ ተከራይ፦
አየሁት። መልእክቱ ላይ ያለው በ417 ያልቃል፣ ግድግዳው ላይ ያለው በ862። ስልኬ ላይ የተቀመጠው የድሮው ነበር ለካ! ባለፈው ሳምንት አከራዬ የገዙት 200 ብር ግን ያለ ችግር ሞልቷል።

ደጀን በር፦
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ቆጣሪዎች የተቆለፉበት ነገር ይሆናል። ሁለት ባለ 20 አሃዝ ቁጥር በቅደም ተከተል አስገባ፣ ይከፈታል።

ኤሌክትሪሻን ሞጣ፦
ያማ ቢሆን የአከራዩ 200 ብርም ባልሞላ ነበር። ያ ደቂቃ መቁጠሪያው ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆጥሮ የሞላበት ቀን ነው፤ ቁልፉ ያልታደሰ ቆጣሪ ከዚያ ወዲህ የተገዛ አንድም ቁጥር አይቀበልም።

ያንተ ቁጥር የተቆለፈው በ417ቱ ቆጣሪ ቁልፍ ነው፤ 862ቱ ሊፈታው አይችልም። ስለዚህ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ የምታደርገው ነገር የለም፤ መፍትሔው አገልግሎት ማዕከሉ ነው። መልእክቱን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ የሁለቱንም ቆጣሪዎች ቁጥርና ቆጣሪው ሲቀየር የተሰጠውን ወረቀት ይዘህ ሂድ። ውሉ በአከራዩ ስም ከሆነ እሳቸውን ወይም ውክልናቸውን ጨምር። የምትጠይቀው «ብሬን መልሱልኝ» ሳይሆን «የ417ቱ ሽያጭ ተሰርዞ በ862 ይውጣልኝ» ብለህ ነው።

የሚያዘገየው አንድ ነገር አለ። አሮጌው ቆጣሪ መጋዘን ገብቶ ካልተመዘገበ፣ ያ ቁጥር አሁንም እዚያው ላይ ሊሞላ ይችላል ብለው ይሰጋሉ፤ ከአንጻራቸው ልክ ናቸው። ማን እንደወሰደው አስቀድመህ አጣራ። ቀድሞ ምን እንደሚያስፈልግ ለመጠየቅ 905 ደውል።

የቢቸና ሱቅ፦
እሺ፣ ጊዜ ያልፍበታል ያልኩት ተሳስቻለሁ። ግን የተቃጠለው ቆጣሪ ውስጥ የቀረውስ? ያም የእሱ ገንዘብ ነው።

ኤሌክትሪሻን ሞጣ፦
ሲነቀል ማሳያው ይሠራ ከነበረና ቀሪው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈ ያዛውሩለታል። ማሳያው ጠፍቶ ከነበረ ክርክር ነው። ያለፉትን ወራት ግዢ አውጥቶ በግምት መጠየቅ ይቻላል፤ መቀበላቸው ግን በፈቃዳቸው ነው።

ደጀን በር፦
በግምት ሲከፈል አላየሁም። ያንን ተውና 600ውን ብቻ ያዝ እላለሁ።

የማርቆስ ተከራይ፦
ወረቀቱ ላይ ቀሪው የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ለማንኛውም ሰኞ ጠዋት ከአከራዬ ጋር እንሄዳለን፤ የ417ቱን ቁጥርም ከስልኬ አጥፍቻለሁ።