ሦስት ቀይ ድንጋዮች፦ ሩቢ፣ ስፒኔል ወይስ ጋርኔት?

የሐይቅ ዳር ልጅ (ሐዋሳ)፦ አጎቴ ሦስት ቀይ ድንጋይ ሰጥቶኝ «ሩቢ ናቸው» ይለኛል። የተቆረጡ ናቸው፣ ቀለበት ላይ ግን አልተሰኩም። ትልቁ ደማቅ ቀይ ነው። ሁለተኛው ጠቆር ያለ፣ የወይን ጠጅ ዓይነት። ሦስተኛው ወደ ሮዝ ያደላል፣ ውስጡም የተሰነጣጠቀ ነው። ከመሸጤ በፊት ሳልጎዳቸው ቤት ውስጥ መለየት እችላለሁ? ፒያሳ ያሳየሁት ሰው ገና አየት እንዳደረጋቸው ዋጋ ጠራ፣ አላመንኩትም።

ሚኪ፦ ይሄማ ቀላል ነው። መስታወት ጫሪበት፣ ከጫረ ሩቢ ነው። ካልሆነም የብር መፈተሻዋን ሐምራዊ መብራት አብሪበት። ሩቢ እንደ ፍም ይቀላል።

ጠራቢው፦ ሚኪ፣ መብራቷ ላይ ግማሹን አግኝተሃል። መስታወቱን ግን ተወው። መስታወት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 5.5 ገደማ ነው። ጋርኔት ከ6.5 እስከ 7.5፣ ስፒኔል 8፣ ሩቢ 9 ነው። ሦስቱም ይጭሩታል። የኔ እህት፣ አንዱን ድንጋይ በሌላው እንዳትጭሪ። ጠርዙን ትሸርፊና ዋጋውን ትጥያለሽ። ብዙ ጊዜ የተደረገ ጋርኔት የገጾቹ ጠርዝ ይዶለዱማል፣ የሩቢ ግን ስል ሆኖ ይቆያል። ይህን በአጉሊ መነጽር ማየት ይበቃል።

መብራቷ የምትለየው ጋርኔትን ነው፣ ጋርኔት አይፈካም። ሩቢም ስፒኔልም ግን በክሮሚየም ምክንያት ቀይ ይፈካሉ። ብረት የበዛበት ሩቢ ደግሞ ደብዘዝ ይላል። ከሁሉም አብልጦ የሚፈካው ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ የሠራው ሩቢ ነው፣ ስለዚህ ፍሙን አይተሽ አትደሰቺ።

ለጋርኔት ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ የወጣ ማግኔት ፈልጊ። ድንጋዩን ትንሽ ስፖንጅ ላይ አድርገሽ ውሃ ላይ አንሳፊው፣ ማግኔቱን ሳታስነኪ አስጠጊ። ጋርኔት ተከትሎት ይመጣል። ቀይ ስፒኔልና ሩቢ ንቅንቅ አይሉም።

ስፒኔልን ከሩቢ የሚለየው ውሃ ነው። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልግሻል። መጀመሪያ ድንጋዩን ብቻውን መዝኚ። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ወደ ዜሮ መልሺው። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረሽ ውሃው ውስጥ አንጠልጥዪ፣ ታችም ጎንም እንዳይነካ። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት በጣትሽ አራግፊው። የመጀመሪያውን ቁጥር አሁን ለሚታየው አካፍዪ። 3.6 አካባቢ ከሆነ ስፒኔል፣ 4.0 ከሆነ ሩቢ ነው። ግን ጠቆር ያለው ጋርኔትም 4.0 ይደርሳል። ውሃው ሩቢንና ጋርኔትን አያፋታም፣ እነሱን ማግኔቱ ነው የሚያፋታቸው።

ሰላም፦ ቀለበት ልታሠሪ ከሆነ ተጠንቀቂ! እኔ ሩቢ ብዬ የገዛሁትን አንድ ወርቅ ሠሪ ሲበይድልኝ ውስጡ እንደ ሰም ቀልጦ ነጭ ጭረት ወጣበት። ሰውዬውን ሰደብኩት። እስካሁን የሱ ጥፋት ይሁን የድንጋዩ አላወቅኩም።

ጠራቢው፦ ሰላም፣ ያንቺ በእርሳስ መስታወት የተሞላ ሩቢ ሳይሆን አይቀርም። ስንጥቁን በቀለጠ መስታወት ሞልተው ያጠሩታል። እሳት ያቀልጠዋል፣ የሎሚ ጭማቂና በረኪናም ይበሉታል። በአጉሊ መነጽር ስታገላብጪው ስንጥቁ ውስጥ አረፋና ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ዝም ብሎ በእሳት የተሞቀ ሩቢ ግን ገበያ ላይ የተለመደ ነው፣ ሻጩ ከነገረሽ ነውር የለውም። ስፒኔልና ጋርኔት ብዙውን ጊዜ ምንም አይደረግባቸውም።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሚዛን ከጎረቤት ወርቅ ቤት ለመንኩ። ትልቁ 2.16 ግራም፣ ውሃ ውስጥ 0.60፣ ሲካፈል 3.60። ማግኔት አልሳበውም፣ በመብራቷም ይቀላል። ጠቆር ያለው ማግኔቱን ተከትሎ ሄደ! አጎቴ ደነገጠ። ሦስተኛው 0.42 ግራም፣ ውሃ ውስጥ አንዴ 0.10፣ አንዴ 0.11።

ጠራቢው፦ ጠቆር ያለው ጋርኔት ነው፣ አለቀ። ትልቁ ወደ ስፒኔል ያደላል። ግን የፋብሪካ ቀይ ስፒኔልም ስላለና ይህ ሙከራ ስለማይለየው፣ ላብራቶሪ ሳታሳዪ «የተፈጥሮ» ብለሽ አትሽጪው። ሦስተኛው ለሚዛንሽ አንሷል፤ በ0.10 ካካፈልሽ 4.2፣ በ0.11 ካካፈልሽ 3.8 ይሆናል። የላፕቶፕሽን ስክሪን ነጭ አድርጊና ድንጋዩን ፊቱ ይዘሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ከሐምራዊ ቀይ ወደ ብርቱካንማ ቀይ ከተቀየረ ሩቢ ነው። ካልተቀየረ በሌላ ጎኑ ሞክሪ፣ በአንድ አቅጣጫ ሩቢም ዝም ይላል።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ የፋብሪካውስ ሩቢ ይቀየራል?

ጠራቢው፦ እሱም ይቀየራል።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ወደ ብርቱካንማ ሄደ መሰለኝ፣ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ደብዝዟል። ስንጥቁ ውስጥ ግን ሰማያዊ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎብኛል።

ጠራቢው፦ እንግዲያው ሎሚ እንዳይነካው፣ እሳትም እንዳታቀርቢው። ነገ በቀን ብርሃን አረፋ ፈልጊ።