ሰያፉ ብረት ጭመቃ ወጣበት፤ ልገልብጠው ወይስ ልቀይረው?

ደብረ ብርሃን ላይ ለሚሠራ መጋዘን የጣሪያ ትረስ እያሰላሁ ነው። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ የመሃል ከፍታው 4 ሜትር ሲሆን እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሆኑ 8 ክፍሎች አሉት። በየላይኛው መጋጠሚያ 10 ኪሎ ኒውተን፣ በሁለቱ ጫፎች 5 ይወርዳል። የግራው ድጋፍ የተጣራ ምላሽ 35 ነው።

ከግራ ሦስተኛውን ክፍል ቆረጥኩ። እዚያ ሰያፉ 6 ሜትር ላይ ካለው የላይ መጋጠሚያ 9 ሜትር ላይ ወዳለው የታች መጋጠሚያ ይወርዳል። በላይኛው መጋጠሚያ ዙሪያ ሞመንት ስወስድ የታችኛው አግዳሚ 180 ÷ 2 = 90 ውጥረት ሆነ። በታችኛው መጋጠሚያ ዙሪያ ሞመንቱ 225 ነው፤ ክንዱ ግን የቋሚው 3 ሜትር ሳይሆን ለተዳፋቱ አግዳሚ ቀጤ ነክ የሆነው 2.85 ስለሆነ የላይኛው 79 ጭመቃ ይሆናል። ሰያፉን ሁለቱ አግዳሚዎች በሚገናኙበት ድጋፍ ዙሪያ ሳሰላው 90 ÷ 4.99 = 18 ጭመቃ ወጣ። የቁም ኃይሎቹም ይዘጋሉ፦ 35 − 20 − 25 + 10 = 0።

ችግሩ ፕላኑ ለሰያፉ የ16 ሚሊ ፌሮ መስጠቱ ነው። 3.6 ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ቀጭን ብረት ግማሽ ኪሎ ኒውተን ገደማ ላይ ይጎብጣል።

ሰያፎቹን ሁሉ ብገለብጥ የዚህኛው ኃይል 21 ውጥረት ይሆናል፤ ፌሮው ይችለዋል። ነገር ግን በዚሁ ክፍል የላይኛው አግዳሚ ወደ 95 ያድጋል፣ 3 ሜትር የሚረዝመው ቋሚም 20 ጭመቃ ይሸከማል።

በዚህ ርዝመት የትኛው ይሻላል፦ አቀማመጡን ሳልነካ ሰያፎቹን በአንግል ብረት መቀየር፣ ወይስ ገልብጬ ቋሚዎቹንና የላይኛውን አግዳሚ ማጠናከር?