ጥቆማ፦ የካክተሴ ግርጌ አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ቢጫ ሆኗል፤ ማን ዘንድ ልውሰዳቸው?

በረንዳ 4ኛ ፎቅ
ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ መንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የገዛኋቸው ሁለት ካክተሶች አሉኝ። አንደኛው ቀጥ ብሎ የሚያድግ ሲሆን ቁመቱ ከጉልበቴ ያልፋል፤ ሁለተኛው ክብ ሆኖ ቢጫ እሾህ ያለው ነው። የረጅሙ ግርጌ ከአፈሩ አንሥቶ ግማሽ ስንዝር ያህል ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ የዛፍ ቅርፊት መስሏል። ክቡ ደግሞ ወደ ግድግዳው በዞረው ጎኑ፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ላይ፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቢጫ ሆኗል። ለሻጩ ፎቶ ልኬለት ሁለቱንም አንድ በሽታ እንደያዛቸው፣ ሁለቱም ከሥር ተቆርጠውና መድኃኒት ተቀብተው እንደገና መተከል እንዳለባቸው ነግሮኝ 1,500 ብር ጠየቀኝ። ሌላው አማራጬ ቤት ድረስ የሚመጣ አትክልተኛ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ወይስ ሌላ የምትጠቁሙኝ ሰው አለ?

ጽጌ ከላፍቶ
እኔ አንድ ሻጭ ብቻ ነው የማውቀው፤ 15 ዓመት ሙሉ ከእርሱ ገዝቼ አንድም ቀን የታመመ ተክል ሰጥቶኝ አያውቅም። ሰውየው ቆርጠሽ አምጪ ካለሽ የሚያውቀውን ነውና የተናገረው ብትሰሚው ይሻልሻል። የእኔን ሻጭ አድራሻ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።

ዝምተኛው
ወይዘሮ ጽጌ፣ ከ15 ዓመት በፊት የገዙት ካክተስ ዛሬ ምን ያህል ደርሷል?

ጽጌ ከላፍቶ
እርሱ እንኳ ሞቷል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የሻጩ ሳይሆን የሠራተኛዬ ነበር።

ሳሪስ አካባቢ
አትክልተኛ ቤቴ አላስገባም ብዬ ከማልኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። አምና ሐምሌ ላይ አንዱን ጠርቼ ሰባት ካክተሶች አፈር እንዲቀይርልኝ አደረግሁ። ከሰዓት በፊት ነቅሎ፣ ሥራቸውን በመቀስ አሳጥሮ፣ ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ቀላቅሎ ተከላቸውና ሊሄድ ሲል እያንዳንዳቸውን በአንድ ጆግ ውኃ አጠጣቸው። «ይጽኑ» ነበር ያለው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን በጋዜጣ ይዤ ላነሣው ስል የላይኛው ክፍል እጄ ላይ ቀረ፤ ግርጌው እንደ በሰለ ሙዝ ሆኖ አፈሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሽታውንማ አልነግራችሁም። ከሰባቱ የተረፉት ሁለት ናቸው። ገንዘቤን ስጠይቀው ደግሞ ዝናቡ ነው ብሎኝ አረፈ።

አያት ኮንዶ
ይህ አትክልተኛ ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ነው? እኔ ዘንድም የመጣው እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ሳሪስ አካባቢ
ሞተር አልነበረውም። ቢሆንም ሁሉም አንድ ናቸው።

የወሎ ልጅ
ጥያቄውን በትክክል ተረድቼው ከሆነ፣ በአያቶቼ ግቢ አጥር ላይ ያለው ቁልቋልም ከሥሩ ግንዱ ጠቁሮ እንጨት ሆኗል፤ ነገር ግን አንድም ሰው ውኃ አጠጥቶት ወይም መድኃኒት ቀብቶት አያውቅም፣ እስከ ዛሬም ቆሟል። ስለዚህ እንዲሁ ቢተዉት ይሻላል እላለሁ።

እሾህ ወዳጅ
ጠያቂዋ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጥያቄ ስላቀረቡ መልሱም እየተምታታ ነው። የወሎው ወንድማችን ስለ ረጅሙ ካክተስ ያሉት ትክክል ነው፤ ስለ ክቡ ግን አይሠራም። ቁልቋል ራሱ ከካክተስ ወገን አይደለም፤ ሲቆረጥ የሚፈስሰው ነጭ ወተት አብዛኛው ካክተስ ዘንድ የለም፣ ያ ወተት ደግሞ ዓይን ስለሚያቃጥል ቁልቋል የሚቆርጥ ሰው ይጠንቀቅ። ግንዱ ከታች እንጨት እየሆነ መሄዱ ግን በሁለቱም ዘንድ ይታያል።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። የእስክሪፕቶዎን ክዳን ወይም የማንኪያ እጀታ ይውሰዱና በእሾሆቹ መካከል የረጅሙን ቡናማ ክፍል ጫን ይበሉት። እንደ ቡሽ ደርቆ፣ ከላይ ካለው አረንጓዴ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ጠንክሮ የሚመልስልዎት ከሆነ እርጅና ነው፤ ተክሉ የራሱን ክብደት የሚሸከምበት ክፍል ቆዳውን ወደ ቅርፊት እየለወጠ ነው፣ ተመልሶም አረንጓዴ አይሆንም። ይህን ቆርጦ የሚተክልልዎት ሰው ጤነኛ ሥር ያስጥልዎታል። ከዚያም ክቡን በዚያው ክዳን ከቢጫው ላይ ጫን ይበሉት። ክዳኑ ከገባ፣ ወይም ቆዳው ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ካልተመለሰ፣ ያ መበስበስ ነውና ነገ ዛሬ ሊሉበት አይገባም።

ጀሞ ሁለት
በአጭሩ ቡናማ ከሆነ እርጅና፣ ቢጫ ከሆነ መበስበስ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማንንም መክፈል አያስፈልግም።

እሾህ ወዳጅ
ግማሹ ልክ ነው። በቀለም ብቻ ከሄዱ ግን የሚሳሳቱበት ቀን ይመጣል፤ ምክንያቱም የበሰበሰ ክፍል ሲቆይ እርሱም ቡናማ፣ አንዳንዴም ጥቁር ይሆናል። ፀሐይ የበዛበት ክብ ካክተስም ጠንካራ እንደሆነ ሊቢጭ ይችላል፤ ይህ ግን ፀሐይ በሚመታው ጎን እንጂ ግድግዳ ሥር ባለው ጎን አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጥንካሬው ነው፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ። እርጅና ከግርጌ ተነሥቶ ዙሪያውን ወደ ላይ የሚወጣው በዓመታት ነው፤ መበስበስ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎን ይጀምርና በቀናት ይሰፋል። ጠንካራ ሆኖ ጥርጣሬ ላሳደረብኝ ተክል እኔ የማደርገው ቡናማውና አረንጓዴው በሚገናኙበት ቦታ ላይ በማርከር ቀጭን መስመር ማስመር ነው። ከወር በኋላ መስመሩ ባለበት ከቆመ አርፌ እቀመጣለሁ። ለስላሳውን ግን መስመር አስምሮ መጠበቅ የለም።

በረንዳ 4ኛ ፎቅ
አሁን ሞከርኩት። የረጅሙ ክዳኑን እንደ ጠረጴዛ መለሰው፤ በጥፍሬ ስጭረውም ደረቅ ብናኝ ብቻ ነው የወጣው። የክቡ ግን ሰረጎደ፤ ትንሽ ውኃ የመሰለ ነገርም ወጣው። ከማስቀመጫው ሥር ያለው ሰሃን ውኃ እንደያዘ አሁን ነው ያየሁት። አፈሩ ስገዛው የነበረው ጥቁር አፈር ነው።

አያት ኮንዶ
እንግዲያው ሻጩ የፎቶ ሐኪም ነዋ! አንዱን ጤነኛ፣ አንዱን በሽተኛ፣ በአንድ ሂሳብ ሊቀጥፋቸው ነበር።

ጽጌ ከላፍቶ
በፎቶ ሲታይ ሁለቱም አንድ ሊመስሉት ይችላሉ፤ በሰው ስም መጫወት ደግ አይደለም። የፈንገስ መድኃኒቱን ግን ሁሉም ይጠቀመዋል፤ እኔም ለድንችና ለቲማቲም የሚረጨውን በጥብጬ አፈሩ ላይ አፈስሳለሁ።

እሾህ ወዳጅ
በራሰ አፈር ላይ መድኃኒት በጥብጦ ማፍሰስ ተጨማሪ ውኃ ማፍሰስ ነው። የለሰለሰው ሥጋ ደግሞ በምንም መድኃኒት ተመልሶ አይጠነክርም፤ ተቆርጦ መውጣት ብቻ ነው ያለው።

እኔ ዘንድ አምና ነሐሴ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ክንድ የሚያህል ቀጥ ያለ ካክተስ ከሥሩ ለሰለሰብኝ። ከማስቀመጫው አውጥቼ ከለስላሳው አራት ጣት ከፍ ብዬ ቆረጥኩት፤ ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነበር፣ በመሐሉ ባለው ቀለበት ላይ ግን ሁለት ብርቱካናማ ነጥቦች ታዩኝ። መበስበሱ ወደ ላይ የሚወጣው በዚያ ቀለበት በኩል ነው፤ ነጥቡን ንቆ የተከለ ሰው ከወር በኋላ ያንኑ ነገር እንደገና ያገኘዋል። ቢላዋውን በአልኮል ጠርጌ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ አነሣሁ፤ አንድ ነጥብ ቀረ። እንደገና ጠርጌ እንደገና ቆረጥኩ፤ በአራተኛው ላይ ሥጋው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያም የቁርጡን ዳር ዙሪያውን እንደ እርሳስ ጫፍ አሾልኩት፤ ምክንያቱም ሲደርቅ መሐሉ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ፣ ሥሩ የሚወጣበት ቀለበት ሳይሾል ከቀረ አፈሩን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። በበጋ ሁለት ሳምንት ይበቃው ነበር፤ ክረምት ስለሆነ ግን አራት ሳምንት ጠበቅሁ። በደረቅ ፑሚስ ላይ አስቀምጬ አንድ ጠብታ ውኃ ሳልሰጠው ሁለት ወር ገደማ ከቆየ በኋላ ሥር አወጣ።

የእርስዎ ክብ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ክቦቹ ቁመት ስለሌላቸው የሚቆረጥላቸው ትርፍ ሥጋ ጥቂት ነው፤ ንጹሕ ቦታ ቢገኝም ሥር ለማውጣት ይቆያሉ፣ አንዳንዱም ሳያወጣ ይጨማደዳል። ቆርጠው መሐሉ እስከ አናቱ ድረስ ብርቱካናማ ሆኖ ካገኙት ጊዜዎን አያጥፉበት። ከሆነልዎት ግን ማንንም ሳይጠሩ በኩሽና ቢላዋ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሳሪስ አካባቢ
ቁርጡ ላይ አመድ መነስነስ ይረሳል እንዴ? እናቴ አመድ ሳትነሰንስ ምንም ቆርጣ አትተክልም ነበር።

እሾህ ወዳጅ
እኔ ምንም አልነሰንስም፤ ደረቅ አየር ይበቃዋል።

ሳሪስ አካባቢ
እኔ ደግሞ ከሰባቱ የተረፉልኝን ሁለቱን አመድ ነስንሼባቸው ነው ያዳንኳቸው። እንግዲህ ሁላችንም የየራሳችንን እንያዝ።

ዝምተኛው
ከሁሉ በፊት ሰሃኑ ይደፋ።

ብሎኬት አምራች
ስለ ካክተስ የማውቀው ነገር የለም፤ የፑሚስ ነገር ሲነሣ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ችግኝ መሸጫዎች በትንሽ ፌስታል የሚሸጡት ፑሚስ እኛ ብሎኬት የምንሠራበት ያው ድንጋይ ነው። ወደ ማንኛውም ብሎኬት ማምረቻ ጎራ ብትሉ ይገኛል። የምንጠቀመው ዱቄት የበዛበት ስለሆነ በወንፊት ነፍታችሁ፣ ከሽምብራ ከፍ ያለውን ብቻ አስቀርታችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ተጠቀሙበት። ዱቄቱ ካልወጣ ውኃ ሲነካው እንደ ጭቃ ይሆናል።

እሾህ ወዳጅ
ትክክል ነው፤ እኔም ከዚያው ነው የማመጣው። ለረጅሙም ቢሆን ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ሁለት እጅ ፑሚስ ከአንድ እጅ አፈር ጋር ቀላቅለው ሥሩን ሳይቆርጡ ያዛውሩት። ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ አይስጡት።

ጀሞ ሁለት
የሸክላ ማስቀመጫ ነው ወይስ ፕላስቲክ የሚሻለው?

እሾህ ወዳጅ
ሸክላው ቶሎ ይደርቃል፤ ማስቀመጫው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

አያት ኮንዶ
እህታችን፣ በመጨረሻ ሻጩን ጠሩት ወይስ አትክልተኛውን?

በረንዳ 4ኛ ፎቅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰሃኑን ደፍቼዋለሁ፤ ቢላዋውም አልኮሉም ፊቴ ላይ ተቀምጧል፣ እጄ ግን እምቢ ብሏል። ብሎኬት አምራቹን ልጠይቅ፤ ፑሚሱን በጆንያ ትሸጣላችሁ ወይስ በመኪና ብቻ ነው?