ድምፅ የሌለውን ቀልድ እንዴት ልተርጉመው?

እባካችሁ እርዱኝ። ሙሉ በሙሉ በስልክ መልእክት የተጻፈ የእንግሊዝኛ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ልጁ አንድ ሰዓት ያረፍዳል። ጓደኛው «እንዴት በጊዜ መጣህ» ብላ ትጽፍለታለች። እንዲሁ ሳስቀምጠው የምር ምስጋና ይመስላል።

መጀመሪያ ትእምርተ ስላቅን አሰብኩ፤ ያ ተገልብጦ የሚቆመውን ቃለ አጋኖ (¡)። ሥራው ይኸው ነው። ግን ስልክ ላይ ማን ይጽፈዋል? ብዙ አንባቢ የሕትመት ስህተት ይመስለዋል።

«አንተማ መቼ አርፍደህ ታውቃለህ!» ይሻላል። «ማ» ለከፋውን ታሳብቃለች። «ደረሱ እንዴ ጌታዬ?» ግን የበለጠ ጣመኝ። አንተ የሚባል ሰው በድንገት አንቱ ሲባል ቀልዱ ያለ ድምፅ ይገባል። ችግሩ፣ አንባቢው ቀድሞ «አንተ» ስትለው ማየት አለበት። ይህ ደግሞ የታሪኩ የመጀመሪያ መስመር ነው።

በዚያ ላይ ኋላ የምር ይጣላሉ። እዚያም «ጌታዬ» እያለች ታሽሟጥጠዋለች። አንቱታውን እዚህ ለጨዋታ ካዋልኩት፣ እዚያ ምሬቱን በምን ላሳይ? ከፊቱ «አንተ፣ የት ነህ?» የሚል አጭር መልእክት ልጨምር ወይስ «ማ»ን ለጨዋታው፣ አንቱታን ለጠቡ ልተው? ውይይት የተረጎማችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ?