የእንግዳ ማረፊያችን ብሎግ «2015» ላይ ቆሟል፤ ልዝጋው ወይስ ልጻፍበት?

ጀጎል ቤት
ሰላም ለሁላችሁ፣ አስቸኳይ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ 5 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለን። ዛሬ ጠዋት አንዲት ጀርመናዊት «አሁንም ክፍት ናችሁ? የመጨረሻው ዜናችሁ የ2015 ነው» ብላ ጻፈችልን። ዌብሳይቱን ከፍቼ ሳየው እውነትም የፊት ገጹ ታች ላይ `Happy New Year 2015` ይላል። ከሱ ሥር ደግሞ `Hello world!` የሚል እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ለሠራልን ልጅ ስደውልለት «ብሎግ ካልተጻፈበት ሳይቱ ይሞታል፣ በወር 8 ጽሑፍ በ12,000 ብር ልጻፍላችሁ» አለኝ። እስከ ማታ መልስ ይፈልጋል። ለኛ ዓይነት ቤት ብሎግ ግድ ነው? ግድ ከሆነስ በወር ስንት?

ከዚራዊው
አቦ 2015 የኛ አቆጣጠር ነው በያት። ሐረር ስትገባ ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ትሆናለች፣ ለዚህ ብቻ ትመጣለች 😂

የሳቢያን ልጅ
ብሎጉን ከሜኑ ላይ አውጪው። አለቀ።

ጋሽ መካሪ
ልጄ፣ ቀልዱን ተዪው። ጉግል አዲስ ነገር ይወዳል። ያልተነካ ዌብሳይት ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ለብዙ ድርጅቶች የመከርኩት በሳምንት ቢያንስ 2 ጽሑፍ ነው። ስለ ሐረር ታሪክ፣ ስለ ባህሉ፣ ስለ ምግቡ ጻፊ። በፈረንጆች 2006 በዩኔስኮ የተመዘገበ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የሚጻፍ አጣሁ ማለት ነውር ነው። ለጊዜው ግን የድሮዎቹን ጽሑፎች ቀን ወደ ዛሬ ቀይሪው፣ ማንም አያውቅም።

ታይዋን ሱቅ
እኔ የማይገባኝ ዌብሳይቱ ራሱ ምን ያደርጋል? ድሬ ላይ ልብስ እሸጣለሁ፣ ያለኝ የቴሌግራም ቻናል ብቻ ነው። በቀን 3 ጊዜ እለጥፋለሁ፣ ጠዋት የለጠፍኩት ከሰዓት ያልቃል። ቻናል ክፈቺ፣ ክፍሎቹን ለጥፊ፣ ዋጋ ጻፊበት።

ጀጎል ቤት
ወንድሜ፣ የኔ እንግዳ ብዙው ከውጭ ነው። ቲኬት ሳይቆርጥ በፊት ነው የሚፈልገኝ። ቻናሌን በምን አውቆ ይገባል? ከሜኑ ደግሞ አውጥቼዋለሁ፣ ፊት ገጹ ላይ ግን አሁንም አለ!!

የሳቢያን ልጅ
ከሜኑ አውጪው ብያለሁ እኮ። ካሹን አጽጂና እዪው።

ፈላና በር
እህቴ አብሽሪ። ከሁሉ በፊት ለሴትዮዋ መልስ ስጫት፤ ክፍት ነን በያት፣ ሰሞኑን ያነሳሽውን ፎቶም ላኪላት። ሌላው ይደርሳል።

ሳይቱ የዎርድፕረስ ነው። `Hello world!` ሲጫን አብሮ የሚመጣ የሙከራ ጽሑፍ ነው፤ የሠራልሽ ልጅ ሳያጠፋው ነው ያስረከበሽ። `Posts` ውስጥ ግቢና እሱን አጥፊው፣ የአዲስ ዓመቱን ወደ `Draft` መልሺው። ከሜኑ ማውጣት ብቻውን አይሠራም፣ ካሽም አይደለም ችግሩ። ጽሑፉ በራሱ አድራሻ መከፈቱን ይቀጥላል፣ ጉግልም ያሳየዋል። ፊት ገጹ ታች ያለው የቅርብ ጽሑፎችን ራሱ እየሳበ የሚያመጣ ክፍል ነው፤ ገጹን ለማስተካከል ከፍተሽ ያንን ክፍል ማጥፋት አለብሽ።

ቀን መቀየሩን እንዳታደርጊው። ጉግል ራሱ ለሳይት ባለቤቶች በጻፈው መመሪያ ላይ ይዘቱ ሳይለወጥ ቀኑን ብቻ መቀየርን ሰው ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡ ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል። አዲስ ለመምሰል ብቻ ጽሑፍ ማብዛትም ደረጃ እንደማይጨምር እዚያው ላይ አለ። ጋሽ መካሪ፣ በአክብሮት ነው፣ ያሉት ግማሹ ልክ ነው። አዲስነት የሚፈለግባቸው ጥያቄዎች አሉ። የሹዋሊድ በዓል ዘንድሮ መቼ ነው የሚል ሰው የአምናውን ቀን ምን ያደርግለታል? «ሐረር ውስጥ ማረፊያ» ብሎ የሚፈልገው ግን መጀመሪያ የሚያየው ካርታውንና የሆቴል ማስያዣ ሳይቶችን ነው። እዚያ የሚረዳሽ በወር 8 ጽሑፍ ሳይሆን የጉግል ካርታ መረጃሽ ነው። ስልኩ ይሠራል? ፎቶው የዘንድሮ ነው? እንግዶች አስተያየት ጽፈውልሻል?

አሁን ለልጁ እሺም እምቢም ሳትዪ አንድ ነገር ጠይቂው። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ካለው `Performance` ውስጥ የ12 ወር አድርጎ `Pages` የሚለውን ፎቶ ይላክልሽ። የትኛው ገጽ ሰው እንዳመጣ እዚያ ላይ ይታያል።

ሐረርጌ ቡና
በዚሁ እኔም ልጠይቅ። ቡና ቆልተን እናሽጋለን። ብሎግ ከፍተን የመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ጻፍን፣ ከዚያ ማን ይጻፍ? ሠራተኛው ቡና ይቆላል እንጂ አይጽፍ። አሁን ገጹ ላይ 5 ጽሑፍ አለ፣ አራቱ «የቡና ጥቅሞች» ናቸው። አንድም ሰው በሱ መጥቶ ገዝቶን አያውቅም።

ፈላና በር
«የቡና ጥቅሞች» የሚለውን ስንቱ ትልልቅ የጤና ሳይት ጽፎታል፣ ከነሱ ጋር ምን ያጋፋችኋል? ገዢዎቻችሁ ስልክ ላይ ምንድነው የሚጠይቋችሁ?

ሐረርጌ ቡና
የቆላችሁት መቼ ነው፣ ስንት ኪሎ ነው ትንሹ፣ ውጭ አገር ትልካላችሁ።

ፈላና በር
በቃ፣ ሦስቱም የሽያጭ ገጹ ላይ ይመለሱ። ብሎግ አያስፈልጋችሁም።

ጀጎል ቤት
ልጁ ፎቶውን ላከ፣ ደስ ባይለውም። በጠቅላላ 9 ጽሑፍ ነው ያለን። የአዲስ ዓመቱ 0። ስለ ሐረር ግንብ የጻፍነው 2። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው 1። ሌሎቹም እንደዚያው። አንዱ ብቻ 143 ሰው አምጥቷል! የጅብ ምገባው ነው። ወንድሜ አንድ ማታ እንግዳ ወስዶ ሲመለስ የጻፈው ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ከዚራዊው
ጅቡን ቅጠሩት ይጻፍ። በሥጋ ነው የሚከፈለው 😂

ፈላና በር
አሁን የሚወራ ነገር ተገኘ። ያንን ገጽ ንኪና `Queries` የሚለውን እዪ፣ ሰዎቹ ምን ብለው እንደፈለጉ ይነግርሻል።

ጀጎል ቤት
`harar hyena feeding time` ይላል አንደኛው። `how to see hyenas in harar` ሁለተኛው። ወንድሜ ግን ሰዓቱን እንኳን አልጻፈውም።

ፈላና በር
ሰዓቱን ፈልጎ መጥቶ ሰዓት ሳያገኝ የሚሄደው ሰው ነው ያንቺ እንግዳ። ያንን ጽሑፍ አድራሻውን ሳትቀይሪ እዚያው ላይ አስፊው። በስንት ሰዓት ይጀምራል (በፈረንጅ ሰዓት ጻፊው፣ ምሽት 1 ሰዓት ብለሽ 1 ብትጽፊ ሌላ ጣጣ ነው)፣ በየትኛው በር ይወጣል፣ ለመጋቢው ስንት ይሰጣል፣ ጨለማ ውስጥ ጀጎል ድረስ በምን ይመለሳል። መጨረሻው ላይ «ከኛ ቤት እንወስዳችኋለን» ብለሽ የክፍሎቹን ገጽ አገናኚ። የጽሑፉን ቀን ከላይ አታሳዪ፤ ዋጋው አጠገብ ግን የተረጋገጠበትን ወርና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጊ።

ቀጥሎ ዋትሳፕሽን ክፈቺ። እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ደጋግመው የጠየቁሽ ምንድነው?

ጀጎል ቤት
ሁሉም አንድ ነው። ድሬ ኤርፖርት ወርጄ እንዴት ሐረር እደርሳለሁ። በየጊዜው በድምጽ እመልሳለሁ።

ፈላና በር
ያ ድምጽ ሁለተኛው ገጽሽ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ ሚኒባሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ከመሸ ከደረሰ ምን እንደሚያደርግ፣ ኮንትራት ታክሲ ስንት እንደሚጠይቅ፣ በምትመልሺበት አነጋገር ጻፊው። ይሄ ደግሞ ብሎግ ውስጥ አይገባም። ሜኑ ላይ የሚቀመጥ ቋሚ ገጽ ነው። የሚታደሰው ታሪፍ ሲቀየር ነው፣ ወር ስለሞላ አይደለም። የሹዋሊድ ገጽ ካሰብሽ እሱ በዓመት አንዴ ይታደሳል፤ በዓሉ ከረመዳን ጋር ስለሚሄድ በፈረንጅ አቆጣጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል።

ኮድ ነካሽ
እኔ እንደ ልጁ ሳይት ሠሪ ነኝና ልከራከር። ፈላና በር፣ ያ የጅብ ጽሑፍ ከ9 አንዱ ነው። ዘጠኙ ባይጻፉ አንዱ ከየት ይመጣ ነበር? የትኛው እንደሚይዝ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ደግሞ አዲስ ጽሑፍ ሰው ማምጣት እስኪጀምር ወራት ይወስዳል። ሁለት ገጽ ጽፎ መቀመጥ ስንፍና ነው።

ፈላና በር
የወራቱ ልክ ነው። ዛሬ የተጻፈ ለመጪው ሳምንት እንግዳ አያመጣም። ግን ስምንቱ ለምን እንዳልሠሩ እየው። የግንቡን ታሪክ ከኛ በፊት ስንቱ ጽፎታል። የጅቡን የጻፈው በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው ነው። 8 ጽሑፍ በወር የሚጽፈው ልጅ ሐረር ይኖራል?

ጀጎል ቤት
አዲስ አበባ ነው።

ኮድ ነካሽ
እሺ፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። በወር አንድ ግን ጻፉ።

ፈላና በር
የሚጽፍ ሰው ካለና እንግዳ ያነሳው ጥያቄ ካለ በወር አንድ ይሁን። ከሌለ የለም። «ዜና» የሚል ገጽ ግን ከፍታችሁ አትተዉት፤ ቀን ያለበት ገጽ ሲቆም ቤቱ የተዘጋ ይመስላል። ልጁን ከማባረር ይልቅ ለሌላ ሥራ ክፈዪው፤ ገጾቹን በስልክ ቶሎ እንዲከፈቱ ያድርግ፣ ሌሎቹን 8 ጽሑፎች ከሳይቱ ላይ ያንሳ።

ጋሽ መካሪ
እኔ አሁንም በሳምንት ሁለት እላለሁ። ትጋት ከሌለ ንግድ የለም።

ጀጎል ቤት
ፊት ገጹ ጸድቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ጉግል ላይ ስፈልግ ግን `Happy New Year 2015` አሁንም ይወጣል። ስነካው ገጹ የለም ይላል።

ፈላና በር
ጉግል ተመልሶ መጥቶ እስኪያይ ነው፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከቸኮልሽ ልጁ ሰርች ኮንሶል ውስጥ `Removals` በሚለው የዚያን ገጽ አድራሻ ያስገባ። ለ6 ወር ገደማ ይደብቀዋል፣ እስከዚያ ራሱ ይወጣል። የጅቡን አድራሻ በስህተት እንዳያስገባው ብቻ አብረሽው ሁኚ።

ታይዋን ሱቅ
ቆይ፣ ክፍሉ ግን ስንት ነው ለአንድ ሌሊት? ዋጋ አልጻፍሽም።

ሐረርጌ ቡና
እኔስ አራቱን «የቡና ጥቅሞች» ላጥፋቸው ወይስ ወደ አንድ ልጨፍልቃቸው? አንዱን አንድ የውጭ ሳይት ሊንክ አድርጎታል መሰለኝ።